መስመር ተከታይ ሮቦት በአርዱይኖ፦ ስለ ሽቦው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ የመጀመሪያ ሮቦታቸውን የሚሠሩ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት በኮዱ አይደለም። ኮዱ አጭር ነው፤ ቢበላሽም ይስተካከላል። የሚያስቸግረው ሽቦው ነው። አንድ ሽቦ ቦታውን ሲስት ወይ ምንም አይንቀሳቀስም፣ ወይ ራሱን ችሎ ይጮሃል፣ ወይ አንድ ነገር ይቃጠላል። ስለዚህ እዚህ ያሉት ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ሽቦው ናቸው። የምንሠራው ቀላሉን ዓይነት ነው፦ ሁለት ጎማ፣ ሁለት የኢንፍራሬድ ሴንሰር፣ አንድ አርዱይኖ ኡኖ።

ሮቦቱ ጥቁሩን መስመር እንዴት ያየዋል?

ሴንሰሩን ገልብጣችሁ እዩት። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ አምፖል መሳይ ነገሮች አሉት። ጠራ ያለው ወይም ሰማያዊ የሚመስለው ዓይናችን የማያየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን ይልካል። ጥቁሩ ደግሞ ተመልሶ የመጣውን ይቀበላል። ነጭ ወረቀት ብርሃኑን ይመልሰዋል። ጥቁር መስመር ግን አብዛኛውን ውጦ ያስቀረዋል።

ከጎኑ ያለችው ጥቁር ቺፕ የተመለሰውን ብርሃን ከአንድ ወሰን ጋር ታነጻጽርና በ OUT እግሩ በኩል አንድ መልስ ብቻ ትሰጣለች። መልሱ ወይ 0 ቮልት ነው ወይ 5 ቮልት። ወሰኑን የምታስተካክሉት ሰሌዳው ላይ ባለችው ሰማያዊ ሳጥን ነው፤ አናቷ ላይ በካቻቢቴ የምትዞር ብሎን አለች። (በአንዳንድ ሰሌዳ ላይ እግሩ OUT በመባል ፈንታ DO ተብሎ ተጽፏል። AO የሚል አራተኛ እግር ካለ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም፤ ባዶውን ተዉት።)

ሁለቱ ሴንሰሮች መስመሩን ግራና ቀኝ አቅፈው ይሄዳሉ። ሁለቱም ነጭ ካዩ መስመሩ መሃል ላይ ነው፤ ሮቦቱ ቀጥ ብሎ ይሂድ። ግራው ጥቁር ካየ ሮቦቱ ወደ ቀኝ ወጥቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ የግራ ጎማው ቆሞ የቀኙ ይዞራል፣ ሮቦቱም ወደ ግራ ይመለሳል። በቀኝ በኩልም እንደዚሁ። ሐሳቡ በሙሉ ይኸው ነው።

ምን ምን እቃ ያስፈልገኛል?

አርዱይኖ ኡኖ ከዩኤስቢ ገመዱ ጋር፣ L298N የሚባለው ቀዩ የሞተር ድራይቨር፣ ሁለቱ ቢጫ ሞተሮች ከነጎማቸው፣ ከፊት የምትገባ አንድ ነጻ ተሽከርካሪ ጎማ፣ ሁለት ሴንሰር፣ ሁለት 18650 ባትሪ ከነማስቀመጫው፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ትንሽ ብሬድቦርድ፣ ለአርዱይኖ ክብ መሰኪያ የሚሆን የዲሲ መሰኪያ፣ እና መሰካኪያ ሽቦዎች። አካሉን ከጠንካራ ካርቶን ወይም ከስስ ጣውላ መሥራት ይቻላል። ለዚህ ተብሎ የሚሸጠው ፕላስቲክ የግድ አይደለም።

ሞተሩ ላይ ሽቦ ማጣበቅ ያስፈልጋል። የማጣበቂያ መሣሪያ ከሌላችሁ ሰፈራችሁ ያለ ሞባይል ጠጋኝ ጋር ሂዱ፤ ፒያሳም ሆነ ማራኪ ብትሆኑ ከእሱ እጅ አይጠፋም፤ ሥራውም የደቂቃ ነው። ሞተሩ ጎን ላይ ያሉት ሁለት የመዳብ ጆሮዎች ስስ ናቸው፤ ሽቦው ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጎተተ ይቆረጣሉ። ስለዚህ ካጣበቃችሁ በኋላ ሽቦውን ከሞተሩ አካል ጋር በናስትሮ አንድ ዙር እሰሩት። ከዚያ በኋላ የሚሳበው ናስትሮው እንጂ ጆሮው አይሆንም።

ሞተሩን በቀጥታ አርዱይኖው ላይ ብሰካውስ?

አይሆንም። የአርዱይኖ አንድ እግር ያለ ችግር መስጠት የሚችለው 20 ሚሊአምፕ ያህል ነው። 40 ላይ ደግሞ የመጨረሻው ወሰኑ ነው። ቢጫው ሞተር በአየር ላይ ተንጠልጥሎ በነጻ ሲዞር ብቻ ከመቶ ሚሊአምፕ በላይ ይስባል። ጎማው ተይዞ መዞር ሲያቅተው ወደ 1 አምፕ ሊጠጋ ይችላል። እግሩ ይቃጠላል፤ አንዳንዴም ቺፑ በሙሉ አብሮ ይሄዳል።

ድራይቨሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አርዱይኖው ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል፤ ኃይሉን ከባትሪ ወስዶ ለሞተሩ የሚያደርሰው L298N ነው። ሽቦ ስትዘረጉ ይህን ልዩነት አትርሱ። እያንዳንዱን ሽቦ ስታነሱ «ይሄ ኃይል ነው የሚሸከም ወይስ ትእዛዝ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የኃይሉ ሽቦ ወፍራም ይሁን፤ ከባትሪ ወደ ድራይቨር፣ ከድራይቨር ወደ ሞተር ይሄዳል። የትእዛዙ ሽቦ ቀጭኑ መሰካኪያ ይበቃዋል።

ባለ 9 ቮልቱ አራት ማዕዘን ባትሪ አይበቃም? በየሱቁ ያለው እሱ ነው።

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይደጋገማል። መልሱ አይበቃም ነው፤ ምክንያቱንም ማወቅ ይጠቅማል።

9 ቮልት ሲባል ከሁለቱ 18650 ባትሪዎች 7.4 ቮልት የሚበልጥ ይመስላል። ግን ሞተር የሚፈልገው ቮልት ብቻ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ ብዙ አምፕ ይፈልጋል። ያ ባትሪ ውስጡ ስድስት ትንንሽ ሕዋሶች የተደረደሩበት ነው። ለጭስ ጠቋሚና ለመለኪያ መሣሪያ የታሰበ ነው እንጂ ለሞተር አይደለም። ሁለቱ ሞተሮች አንድ ላይ ሲነሱ ቮልቱ ወዲያው ይወርዳል። ቮልቱ ሲወርድ አርዱይኖው ይጠፋል። ሲጠፋ ሞተሮቹ ይቆማሉ፤ ባትሪው ትንሽ ያገግማል፤ አርዱይኖው እንደገና ይነሳል፤ ሞተሮቹም እንደገና ይጀምራሉ። ከውጭ የሚታየው ሮቦቱ ቆም ብድግ፣ ቆም ብድግ ሲል ነው። አርዱይኖው ላይ L የሚል ምልክት ያለባትን መብራት እዩዋት። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ደጋግማ ብልጭ ብልጭ ካለች አርዱይኖው እንደ አዲስ እየተነሳ ነው፤ ችግሩም ባትሪው ነው።

አራት የሪሞት ድንጋይስ? ስድስት ቮልት ይሆናል። L298N ግን ራሱ ወደ 2 ቮልት ገደማ ይበላል፤ ዕድሜው የገፋ ዓይነት ቺፕ ስለሆነ ነው። ለሞተሩ የሚደርሰው 4 ቮልት አካባቢ ይቀራል። በዚያ ላይ ድራይቨሩ ውስጥ ያለው ባለ 5 ቮልት ማስተካከያ በትክክል እንዲሠራ ወደ 7 ቮልት ይፈልጋል። ስለዚህ ድንጋይ መጠቀም ካለባችሁ ስድስት ይሁኑ፤ ትልልቆቹ ባለ 1.5 ቮልት፣ አልካላይን የሚባሉት።

የእኔ ምርጫ ሁለት 18650 በተከታታይ ነው። ሲሞሉ 8.4 ቮልት፣ በተለምዶ 7.4 ናቸው። ድራይቨሩ ድርሻውን ከወሰደ በኋላ ለሞተሩ 5 ቮልት ተኩል ያህል ይደርሰዋል፤ ይህ ለቢጫው ሞተር ልክ ነው። እነዚህን ባትሪዎች ከአሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ የሚያወጡ ልጆች አሉ። ማውጣቱን አዋቂ ያድርገው። አንዷን ባትሪ ስትለኳት ከ2.5 ቮልት በታች ከሆነች አትሙሏት፤ ተዋት። ለእነሱ በተሠራ ቻርጀር ብቻ ሙሏቸው። ሁለቱን ጫፎች በብረት አታገናኙ፤ ሳንቲምና ቁልፍ ባለበት ኪስ ውስጥም አትክተቷቸው። ሾርት ካደረጉ እሳት ነው የሚያስነሱት።

ሽቦውን ከየት ልጀምር?

ከኃይሉ ጀምሩ፤ ባትሪዎቹን ግን ከማስቀመጫቸው አውጥታችሁ። የመጨረሻው ሽቦ እስኪገባ ድረስ ባትሪ አይገባም።

ድራይቨሩ ላይ ባለ ሦስት ብሎን ሰማያዊ መሰኪያ አለ። 12V፣ GND፣ 5V የሚል ተጽፎበታል። ከባትሪ ማስቀመጫው የሚወጣው ቀይ ሽቦ መጀመሪያ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ከዚያ ወደ 12V ይሂድ። ጽሑፉ 12 ቢልም 7.4 ቮልት ይቀበላል፤ አይደንግጣችሁ። ጥቁሩ ሽቦ ወደ GND ይግባ። 5V የሚለውን ባዶ ተዉት። ከመሰኪያው ኋላ ያለችውን ትንሽ ጥቁር ቆብ ግን አትንቀሏት፤ ድራይቨሩ የራሱን 5 ቮልት የሚያገኘው በእሷ ነው።

ቀጥሎ ለአርዱይኖው። ከዚያው ከ12V ብሎን አንድ ሁለተኛ ቀይ ሽቦ አውጡና በዲሲ መሰኪያው ፖዘቲቭ ላይ እሰሩ። ከ GND ብሎን ደግሞ ሁለተኛ ጥቁር ሽቦ ወደ ኔጋቲቩ። መሃሉ ፖዘቲቭ፣ ዙሪያው ኔጋቲቭ መሆኑን በመልቲሜትር አረጋግጡ። VIN በሚለው እግር ማስገባትም ይቻላል፤ እኔ ግን ለጀማሪ ክቡን መሰኪያ እመርጣለሁ። በእሱ በኩል ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ቢገለበጥ የሚከላከል ዳዮድ አለ፤ VIN ላይ የለም። ሌላም ጥቅም አለው። VIN ላይ ከድራይቨሩ ጋር ተገናኝቶ ዩኤስቢ ሲሰካ፣ ማብሪያው ጠፍቶም ቢሆን ከኮምፒውተሩ ኃይል ወደ ኋላ ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሊፈስ ይችላል። ዳዮዱ ይህንንም ይዘጋል።

ከዚያ አንድ ተጨማሪ ሽቦ፦ ከድራይቨሩ GND ወደ አርዱይኖው GND። ስለዚህች ሽቦ ቀጥሎ ለብቻዋ እጽፋለሁ። እንግዲህ GND ብሎኑ ውስጥ ሦስት ሽቦ ሊገባ ነው። ጫፎቻቸውን አንድ ላይ ጠምዝዛችሁ አስገቡና ብሎኑን ካጠበቃችሁ በኋላ እያንዳንዱን ቀስ ብላችሁ ሳቡት። የወጣ ካለ እንደገና።

የግራው ሞተር ሁለት ሽቦዎች OUT1 እና OUT2 ላይ፣ የቀኙ OUT3 እና OUT4 ላይ ይታሰሩ። የትኛው የትኛው ላይ ቢሆን አሁን ችግር የለውም፤ ሲሞከር ይታያል።

የትእዛዙ ሽቦዎች እንዲህ ናቸው፦

```
L298N   አርዱይኖ
ENA  ->  5
ENB  ->  6
IN1  ->  7
IN2  ->  8
IN3  ->  9
IN4  ->  10

ሴንሰር         አርዱይኖ
ግራ OUT   ->  2
ቀኝ OUT   ->  3
VCC (ሁለቱም) -> 5V
GND (ሁለቱም) -> GND
```

ENA እና ENB ላይ ሁለት ትንንሽ ቆቦች አሉ። እነዚህን ንቀሏቸው። እነሱ ካሉ ሞተሩ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ይዞራል፤ ኮዱ ሊያዘገየው አይችልም። ቆቡ ሲነቀል ሁለት እግር ይቀራል፦ አንዱ ከ IN1 እስከ IN4 ካሉት ጋር በአንድ ሰልፍ ያለ፣ አንዱ ከኋላ። ሽቦው የሚገባው ሰልፉ ላይ ባለው ነው። የኋላው 5 ቮልት ስለሆነ አትንኩት።

5 እና 6ን የመረጥኩት ፍጥነት መቆጣጠር የሚችሉ እግሮች ስለሆኑ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ከቁጥራቸው አጠገብ ~ ምልክት አለ። 0 እና 1ን ደግሞ ነጻ ተዉአቸው። በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገሩት እነሱ ናቸው፤ ሌላ ነገር ከተሰካባቸው ኮድ መጫን ያስቸግራል።

ኡኖ ላይ 5V የሚል መሰኪያ አንድ ብቻ ነው፤ ሴንሰሮቹ ግን ሁለት ናቸው። ብሬድቦርዱ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ከ5V አንድ ሽቦ ወደ ብሬድቦርዱ አምጡና የሁለቱን VCC እዚያው መስመር ላይ ሰኩ።

ባትሪ ከማስገባታችሁ በፊት መልቲሜትሩን ድምፅ በሚሰጠው ላይ አድርጉና ማብሪያውን አብርታችሁ 12V እና GND ብሎኖችን ንኩ። ሳያቋርጥ ከጮኸ የሆነ ቦታ ሾርት አለ። አንድ አፍታ ብቻ ጮኾ ዝም ካለ ችግር የለውም።

ግራውንድ ማገናኘት ለምን ያን ያህል ይጨቀጨቃል?

5 ቮልት ማለት ከሆነ ነገር በ5 ቮልት ይበልጣል ማለት ነው። ከምን? ከግራውንድ። አርዱይኖው IN1 ላይ 5 ቮልት ሲልክ ከራሱ ግራውንድ ተነስቶ ነው። ድራይቨሩ ያንን ምልክት የሚለካው ደግሞ ከራሱ ግራውንድ ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ፣ አንዱ መሬት ላይ ሌላው ደረጃ ላይ ቆመው ቁመታቸውን እንደሚያነጻጽሩ ሁለት ልጆች ናቸው። ልኩ ሁለቱን የሚያስማማ አይሆንም።

አዘዞ ያለች አንዲት ተማሪ ሮቦቷን ይዛ መጣች። አርዱይኖው ከላፕቶፕ በዩኤስቢ ኃይል ያገኛል። ድራይቨሩ ከባትሪ። ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ሁሉም ትክክል ናቸው። ኮዱም ያለ ስህተት ይጫናል። ጎማዎቹ ግን አንዴ ይንቀጠቀጣሉ፣ አንዴ አንዱ ብቻውን ይዞራል፣ ሽቦውን በእጅ ሲነኩት ጠባዩ ይለወጣል። በመልቲሜትር ለካን። ጥቁሩን ጫፍ አርዱይኖው GND ላይ አድርገን IN1ን ስንነካ ወደ 5 ቮልት የተጠጋ ጥሩ ንባብ አገኘን። ጥቁሩን ጫፍ ወደ ድራይቨሩ GND ስናዛውር ግን ቁጥሩ አይረጋም፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከድራይቨሩ GND ወደ አርዱይኖው GND አንድ ሽቦ አስገባን። ሁለተኛው ንባብም 5 ቮልት ሆነ፤ ጎማዎቹም ታዘዙ።

ሁለቱም ከአንድ ባትሪ ኃይል ሲያገኙ ግራውንዳቸው ባትሪው ላይ ስለሚገናኝ ይህ ችግር ላይታይ ይችላል። ኮድ ስትሞክሩ ግን የዲሲ መሰኪያውን ነቅላችሁ በዩኤስቢ መሥራታችሁ አይቀርም። ለዚህ ነው ሽቦዋ ሁልጊዜ ትኑር የምለው።

ሴንሰሩ መሥራቱን በምን አውቃለሁ?

መጀመሪያ የስልካችሁን ካሜራ ተጠቀሙ። ሴንሰሩ ኃይል ሲያገኝ ጠራ ያለውን አምፖል በካሜራ እዩት። በብዙ ስልኮች፣ በተለይ በፊት ካሜራ፣ ደብዘዝ ያለ ሐምራዊ ብርሃን ይታያል። በዓይን ምንም አይታይም።

ከዚያ ሞተሮቹን ሳታንቀሳቅሱ ይህን ጫኑ፦

```
void setup() {
  Serial.begin(9600);
  pinMode(2, INPUT);
  pinMode(3, INPUT);
}
void loop() {
  Serial.print(digitalRead(2));
  Serial.print(" ");
  Serial.println(digitalRead(3));
  delay(200);
}
```

Serial Monitor ክፈቱ። ሁለት ቁጥር ይወርዳል፤ ግራና ቀኝ። ሴንሰሮቹን በትክክል ሮቦቱ ላይ በሚቀመጡበት ከፍታ፣ ከወለሉ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ዝቅ ብለው፣ እሰሯቸው። ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ንባቡን እዩ፤ መስመሩ ላይ አድርጋችሁ እዩ። መለወጥ አለበት። ካልተለወጠ ሰማያዊዋን ሳጥን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ጥሩው ቦታ የሚገኘው እንዲህ ነው፦ ነጩ ላይ አድርጋችሁ እስኪለወጥ አዙሩ፣ ጥቁሩ ላይ አድርጋችሁ እስኪለወጥ አዙሩ፣ ከዚያ በሁለቱ መሃል አቁሙት። ዳር ላይ ከተዋችሁት ወለሉ ትንሽ ሲጎረብጥ ይሳሳታል።

በብዙዎቹ ሰሌዳዎች ነጭ 0፣ ጥቁር 1 ይሰጣል። ተቃራኒ የሆኑም አሉ። ስለዚህ የእናንተው ጥቁር ላይ ምን እንደሚል ጻፉት፤ ለዋናው ኮድ ያስፈልጋል።

ቤት ውስጥ ደህና ሠርቶ ግቢ ስናወጣው መስመሩን ጥሎ ሄደ። ምን ሆነ?

ፀሐይ። የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ብዙ ኢንፍራሬድ አለ፤ ጎንደር ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የቀትር ፀሐይዋን ታውቋታላችሁ። ተቀባዩ የሚያየው ብርሃን ከሴንሰሩ ይሁን ከሰማይ አይለይም። ጥቁሩ መስመር ላይ ሆኖም ብርሃን ስለሚደርሰው «ነጭ ነው» ይላል። Serial Monitor ላይ ሁለቱም ቁጥሮች የትም ብታደርጓቸው አንድ ዓይነት ሆነው ይቀራሉ። በእጃችሁ ስታጠሉለት ንባቡ ከተስተካከለ ጥፋተኛው እሱ ነው። መስኮት አጠገብ ያለ ጠረጴዛም ላይ ይኸው ይደርሳል፤ ጠዋት የተስተካከለው ከሰዓት ሊበላሽ ይችላል።

መፍትሔው ሴንሰሩን ወደ ወለሉ ዝቅ ማድረግና ዙሪያውን በጥቁር ካርቶን መከለል ነው። መከለያው ወለሉን ሊነካ ሲል ይቁም። ከዚያ በኋላም ቢሆን ጥላ ውስጥ አጫውቱት።

መስመሩን በምን ልሥራው? በጥቁር ማርከር ጽፌ ሴንሰሩ አላየውም።

ማርከሩ ለእኛ ጥቁር ነው፤ ለሴንሰሩ ግን ላይሆን ይችላል። ብዙ የማርከርና የእስክሪብቶ ቀለሞች የምናየውን ብርሃን እንጂ ኢንፍራሬዱን አይውጡም፤ ያሳልፉታልና ከሥር ያለው ነጭ ወረቀት ይመልሰዋል። ኢንፍራሬድን በደንብ የሚውጠው ካርቦን ያለበት ጥቁር ነው። የብራና ጸሐፊዎች ከጥላሸት የሚያዘጋጁት ጥቁር ቀለም ለዚህ ሴንሰር ድንቅ መስመር ይሆን ነበር። እናንተ ደግሞ በከሰል ዱቄትና በማስቲሽ መሞከር ትችላላችሁ።

ቀላሉ ግን ጥቁር ናስትሮ ነው። ስፋቱ 2 ሴንቲሜትር ስለሚጠጋ ልክ ነው። አንዳንዱ ናስትሮ ያብረቀርቃል፤ ሲያብረቀርቅ እንደ ነጭ ሊነበብ ይችላል። አንድ ቁራጭ ለጥፉና ከላይ ባለው ኮድ ፈትሹት፤ ካስቸገረ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ፈግፈግ አድርጉት። ከሥሩ ነጭ ፍሊፕ ቻርት ይሁን። ግራጫ ሊሾ ላይ መለጠፍም ይቻላል፤ ሰማያዊዋን ሳጥን ማስተካከሉ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ሴንሰሮቹን ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር አራርቁ፤ መስመሩ በመሃላቸው ሲሆን ሁለቱም ነጭ ማየት አለባቸው። መታጠፊያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፊ አድርጉት። በሁለት ሴንሰር ቀጥ ያለ ማዕዘን መዞር ከባድ ነው።

ዋናው ኮድ የቱ ነው?

ይኸውና። ጥቁር ላይ 0 የሚል ሴንሰር ካላችሁ የመጀመሪያው መስመር ላይ `HIGH` የሚለውን `LOW` አድርጉት።

```
int BLACK = HIGH;
int SPEED = 120;

void drive(int l, int r) {
  analogWrite(5, l);
  analogWrite(6, r);
}
void setup() {
  for (int p = 5; p <= 10; p++) pinMode(p, OUTPUT);
  pinMode(2, INPUT);
  pinMode(3, INPUT);
  digitalWrite(7, HIGH);
  digitalWrite(8, LOW);
  digitalWrite(9, HIGH);
  digitalWrite(10, LOW);
}
void loop() {
  bool l = digitalRead(2) == BLACK;
  bool r = digitalRead(3) == BLACK;
  if (l && r) drive(0, 0);
  else if (l) drive(0, SPEED);
  else if (r) drive(SPEED, 0);
  else drive(SPEED, SPEED);
}
```

መጀመሪያ ሮቦቱን ጎማዎቹ አየር ላይ እንዲሆኑ በመጽሐፍ ላይ አስቀምጡትና ከሴንሰሮቹ ሥር ነጭ ወረቀት ያዙ። ሁለቱም ጎማ ወደ ፊት መዞር አለበት። አንዱ ወደ ኋላ ከዞረ የዚያን ሞተር ሁለት ሽቦዎች ድራይቨሩ ላይ አቀያይሩ። ኮድ መንካት አያስፈልግም። ጥዝ እያለ የማይዞር ከሆነ ፍጥነቱ አንሶታል፤ 120ን ወደ 140 ወይም 150 ከፍ አድርጉ። መስመሩን እየዘለለ ከወጣ ደግሞ ቀንሱ።

መስመሩን ሲያገኝ ይሸሸዋል። ምን ልንካ?

ግራና ቀኝ ተቀያይሯል። የት እንደተቀያየረ ለማወቅ ሮቦቱን መጽሐፉ ላይ መልሱትና ከኋላው ቁሙ፤ ግራችሁ ግራው እንዲሆን። ነጩ ወረቀት ከሥር እንዳለ የናስትሮ ቁራጭ በግራው ሴንሰር ሥር አስገቡ። የግራው ጎማ መቆም አለበት። የቀኙ ከቆመ ወይ ሴንሰሮቹ ወይ ሞተሮቹ ተቀያይረዋል። ቀላሉ 2 እና 3 ላይ ያሉትን ሁለት ሽቦዎች ማቀያየር ነው። ሴንሰሮቹንም ሞተሮቹንም አንድ ላይ አታቀያይሩ፤ ወደነበራችሁበት ትመለሳላችሁ።

ድራይቨሩ ሞቀ። ልጨነቅ?

ለብ ማለት የተለመደ ነው፤ የሚበላው 2 ቮልት ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ነው። ጥቁሩ የብረት ክንፍም የተሠራው ለዚያ ነው። ጣት ላይ ማሳረፍ የማይቻል ከሆነ ግን ወዲያው አጥፉና ጎማዎቹን በእጅ አዙሩ፤ የተያዘ ጎማ፣ የተጠመጠመ ፀጉር ወይም ክር ሊኖር ይችላል። አርዱይኖው ራሱ ከሞቀ ነገሩ ሌላ ነው። ዩኤስቢውንም ባትሪውንም ንቀሉና ከ5V የሚወጣውን ሽቦ ተከተሉ፤ ብዙ ጊዜ ብሬድቦርዱ ላይ VCC እና GND በአንድ መስመር ላይ ተሰክተው ይገኛሉ።